የጡረታ 7 እና 11 በመቶ ከየትኛው ደመወዝ ነው የሚሰላው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ያለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው። ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ 560 ብር ለጡረታ ተቆርጧል። ጎኑ ላይ ደግሞ 880 ብር የአሠሪ ድርሻ ይላል። እሱም ከእኔ ነው የሚሄደው? አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሌላ ሆቴል ናት፤ እንደ እኔ 12,500 ነው የምታገኘው፣ የሚቆረጥባት ግን 770 ነው። የማናችን ነው ትክክል? ደግሞ ገና 24 ዓመቴ ነው። ጡረታ አልፈልግም ብዬ ብሩን በእጄ መውሰድ አልችልም?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለመጀመሪያ ደመወዝሽ አበቃሽ። 880ው ብር ካንቺ አይሄድም። ያንቺ 560 ብር ብቻ ነው። 880ውን ሆቴሉ ከራሱ ካዝና ያወጣል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንድታውቂው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ አሠሪ ጥሩ አሠሪ ነው። ብዙዎቹ ያንን መስመር ከነጭራሹ አያሳዩም።

የሕጉ ቁጥር አጭር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፣ ድምሩ 18 በመቶ ሆኖ ወደ ጡረታ ፈንዱ ይገባል። አሁን የሚሠራበት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሲቪል ሠራተኛም ያው 7፣ መሥሪያ ቤቱም ያው 11 ነው የሚከፍሉት።

እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ሠራተኛ የሚሳሳተው «መሠረታዊ» የሚለውን ዘሎ ስለሚያነብ ነው። ያንቺና የጓደኛሽ ልዩነትም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀትሽን አብረን እንየው።

560 ብር የ8,000 ብር 7 በመቶ ነው። 880 ደግሞ የዚያው የ8,000 ብር 11 በመቶ። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዝሽ፣ በእኛ ቋንቋ ቤዚክሽ፣ 8,000 ብር ነው ማለት ነው። የቀረው 4,500 ብር ከሌላ የመጣ ነው። በሆቴል ሥራ እንደተለመደው የቤት አበል 2,000፣ የወሩ ሰርቪስ ቻርጅ ድርሻሽ 2,500 ነው እንበል። ወረቀትሽ ላይ ክፍፍሉ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

የሥራ ግብሩ የሚሰላው ግብር ከሚከፈልበት ጠቅላላ ገቢሽ ላይ ነው። አበሉም ሰርቪስ ቻርጁም ይገቡበታል። 12,500 ብር አሁን ባለው ሠንጠረዥ የ30 በመቶው እርከን ውስጥ ይወድቃል። በ30 በመቶ ሲባዛ 3,750 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ሲነሳ 2,400 ብር ግብር ይቀራል። ጡረታው ግን ከ8,000ው ላይ ብቻ ነው፣ 560 ብር። ስለዚህ እጅሽ የሚገባው 12,500 ሲቀነስ 2,400፣ ሲቀነስ 560፣ 9,540 ብር ነው። ባንክ ከገባልሽ ጋር አስተያዪው። ካልገጠመ የሠራተኛ ማኅበር ወይም የብድር መዋጮ የመሰለ ሌላ ተቀናሽ አለ ማለት ነው፤ እሱንም መጠየቅ መብትሽ ነው።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ጡረታው ተቀንሶ ከቀረው ላይ አይደለም ግብሩ የሚሰላው። ግብር የሚሰላው ከሙሉው ነው፣ ጡረታም ለብቻው ይሰላል። አዲስ ሠራተኞች «560ው መጀመሪያ ተነስቶ በቀሪው ላይ ነው ግብር መቁረጥ ያለባችሁ» እያሉ ፋይናንስ ክፍል ሲሟገቱ አያለሁ። አይደለም። አሠሪው የሚያዋጣልሽ 880 ብርም ባንቺ ገቢ ላይ ተደምሮ ግብር አያስከፍልሽም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንሂድ። 770 ብር የ11,000 ብር 7 በመቶ ነው። የእሷ ቤዚክ 11,000 ብር ነው፣ አበልና ሰርቪስ ቻርጇ አንድ ላይ 1,500 ብር። ድምሩ ያው 12,500፣ ግብሯም ያው 2,400። እጇ የሚገባው ግን 9,330 ብር ነው፣ ካንቺ በ210 ብር ያነሰ። ላይ ላዩን ሲታይ አንቺ የተሻልሽ ትመስያለሽ። አሠሪዋ ግን በስሟ 1,210 ብር ያዋጣል፣ ያንቺው 880። በወር ለፈንዱ ለእሷ 1,980 ብር ይገባል፣ ላንቺ 1,440። የሁለታችሁም ቆረጣ ትክክል ነው። የተለያየው የቅጥር ደብዳቤያችሁ ነው።

ሰርቪስ ቻርጅ ለምን ጡረታ ውስጥ እንደማይገባ ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፣ በተለይ የመስተንግዶና የሬስቶራንት ልጆች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ አድርጓቸዋል። የጡረታ አዋጁም የሚይዘው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሠራ ሥራ በየወሩ የሚከፈለውን ሙሉ ደመወዝ ነው። የሥራችን ጠባይም እሱን ነው የሚያሳየው። ጣና ዳር በጥር፣ ጥምቀትና የሠርግ ወቅት አንድ ላይ ሲመጡ፣ ሰርቪስ ቻርጁ ደመወዙን ሊያክል ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠና፣ የዘጌ ጀልባም ተሳፋሪ ሲያጣ፣ የሚካፈሉት ትንሽ ነው። እንዲህ ከፍ ዝቅ በሚል ገንዘብ ላይ የሚቆም ጡረታ የለም።

ታዲያ ቤዚክ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? የጡረታ ፈንዱ እንደ ባንክ ቁጠባ በስምሽ የተከፈተ ሂሳብ አይደለም። ያዋጣሽው ብር ተደምሮ፣ ወለድ ተጨምሮበት አይመለስልሽም። ጡረታሽ የሚሰላው በሁለት ነገር ነው፤ ስንት ዓመት አገለገልሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝሽስ ስንት ነበር። መውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አንቺ ከ24 ዓመትሽ ጀምሮ ሳታቋርጪ እስከ 60 ብትሠሪ 36 ዓመት ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው 26 ዓመት 32.5 በመቶ፣ ድምሩ 62.5 በመቶ። ደመወዝ እስከዚያ ብዙ ጊዜ እንደሚያድግ ግልጽ ነው። ለማነጻጸር ያህል ግን በዛሬው ቁጥር እንሥራው። በ8,000 ብር ቤዚክ የወር ጡረታሽ 5,000 ብር ይሆናል። በጓደኛሽ 11,000 ብር 6,875 ብር። ዛሬ በወር 210 ብር ያነሰባት ልጅ ያን ጊዜ በወር 1,875 ብር ትበልጣለች። ሁለታችሁም ሥራ ላይ እያላችሁ ግን ጠቅላላ ገቢያችሁ እኩል 12,500 ነበር።

ስለዚህ ደመወዝ ስትደራደሪ፣ ወይም ጭማሪ ሲመጣ፣ «ስንት ጨመሩልኝ?» ብለሽ ብቻ አትቁሚ። «የጨመሩት ቤዚኩ ላይ ነው ወይስ አበሉ ላይ?» በዪ። አንዳንድ አሠሪ ጭማሪውን በሙሉ «የቤት አበል» በሚል መስመር ይሰጣል። ሠራተኛው ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም 7 በመቶ አይቆረጥበትም። አሠሪውም 11 በመቶውን አይጨምርም። አበል መስጠት ሕገወጥ አይደለም። እኔ ግን ቤዚኩ ለዓመታት ሳይነካ አበሉ ብቻ የሚያድግበት ደብዳቤ ሲቀርብልኝ ሠራተኛውን ጠርቼ ልዩነቱን በቁጥር አሳየዋለሁ። መርጦ ቢፈርም ይሻላል፣ ሳያውቅ ከሚፈርም።

«ጡረታ ይቅርብኝ» ለሚለው መልሱ አይቻልም ነው። መዋጮው በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው። አንቺና ሆቴሉ ተስማምታችሁ፣ በወረቀት ብትፈራረሙ እንኳ አይጸናም። የሙከራ ጊዜ ላይ መሆንሽም ምክንያት አይሆንም። ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረ፣ ኮንትራትም ይሁን ቋሚ፣ ይሸፈናል። አሠሪው የሠራተኛውን ድርሻ ሳይቆርጥ ቢቀር ራሱ ነው ባለዕዳው። ስለዚህ «ለእኔ ብለው ተዉልኝ» የሚባለው ነገር የለም። መካከል ላይ አውጥተሽ የምትጠቀሚበት ወይም በመያዣነት የምትበደሪበትም አይደለም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታውቂ የምፈልገው ላይ ደርሰናል። ደመወዝ ወረቀት ላይ «ተቆርጧል» ማለትና ፈንዱ ዘንድ «ገብቷል» ማለት አንድ አይደለም። አሠሪው ያንቺን 7 በመቶ ይይዛል፣ የራሱን 11 ይጨምራል፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት። ገቢ ሲያደርግ የሠራተኞች ዝርዝር አብሮ ያስገባል፤ የጡረታ መዋጮ ማሳወቂያ ይባላል። ዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ መስመር አለ። ስም ከነአያት፣ ቲን ነምበር፣ የተቀጠረበት ቀን፣ ደመወዝ፣ 7 በመቶ፣ 11 በመቶ፣ ድምር። የሥራ ዘመንሽ የሚቆጠረው በዚህ መስመር ነው። አንድ ወር መስመርሽ ከጠፋ፣ ለፈንዱ ያን ወር እንዳልሠራሽ ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገርሽ። ከሌላ ቦታ ወደ እኛ የመጣች የምግብ ዝግጅት ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የድሮ የደመወዝ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ይህ ልማዷ ነው ያዳናት። ወረቀቶቹ ቤዚኳ 7,000 ብር እንደሆነና በየወሩ 490 ብር ለጡረታ እንደተቆረጠባት ያሳያሉ። ትክክል ነው፣ 7 በመቶ ነው። ወደ እኛ ስትዛወር የቀደመ አገልግሎቷን ለማያያዝ መረጃዋን ጠየቅን። የመጣው ዝርዝር ላይ ደመወዟ 4,000 ብር ተብሎ ነው የተመዘገበው። ከዚያም ላይ የጠፉ ወራት ነበሩ።

ቁጥሩን ሥሪው። ለ7,000 ብር መግባት የነበረበት 490 ከእሷ፣ 770 ከአሠሪዋ፣ ድምር 1,260 ብር ነው። ለ4,000 ብር የገባው 280 እና 440፣ ድምር 720 ብር። ከዚህ 720 ውስጥ 490ው የራሷ ነው፣ ከደመወዟ ተቆርጧል። አሠሪው ከኪሱ ያወጣው 230 ብር ብቻ ነው ማለት ነው፣ ማውጣት ሲገባው 770። ልጅቷ በየወሩ ወረቀቷን እያየች ሁሉም ደህና ይመስላት ነበር፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው እሷ በማታየው ዝርዝር ላይ ነው። የቅጥር ደብዳቤዋን፣ የደመወዝ ወረቀቶቿንና ደመወዟ የገባበትን የባንክ መግለጫ አያይዘን አመለከተች። ወረቀቱ በእጇ ባይኖር ምን ይዛ ትሟገት ነበር?

አንቺም ይህን ከአሁኑ ጀምሪ። የቅጥር ደብዳቤሽን ፎቶ አንሺና አስቀምጪ። የደመወዝ ወረቀትሽን በየወሩ አስቀምጪ። ከሦስት ወር በኋላ የሰው ኃይል ክፍላችሁን «የጡረታ መለያ ቁጥሬ ወጥቷል ወይ? እስካሁን ገቢ የሆነውን የማሳወቂያ ዝርዝር የእኔን መስመር ላየው እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። በትሕትና ጠይቂ፣ ግን ጠይቂ። በአግባቡ የሚሠራ ክፍል መስመርሽን ከነደረሰኙ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያሳይሻል። የምታስተያዪው ሦስት ነገር ነው፦ ደመወዙ ደብዳቤሽ ላይ ካለው ቤዚክ ጋር አንድ መሆኑን፣ የተቀጠርሽበት ቀን ትክክል መሆኑን፣ ወራቱ ሳይዘለሉ መከተላቸውን። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ ካመላለሱሽ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደሽ በመለያ ቁጥርሽ መጠየቅ ትችያለሽ። የሠራተኛው መብት ነው፤ አሠሪን መክሰስ አይደለም።

ሌላው ዛሬውኑ ልታዪው የሚገባው የሞላሽው ቅጽ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመዘገብ የሚሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ አለ። የመጀመሪያው ቀን ብዙ ወረቀት ስለሚፈረም ይህንንም እንደ ሌላው ሳያዩ ይፈርሙታል። የሚጎዳው ደግሞ የትውልድ ቀን ነው። መጀመሪያ ስትቀጠሪ ያስመዘገብሽው ዕድሜ ነው እስከ መጨረሻው የሚያዝልሽ። በኋላ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ማስቀየር አይቻልም ማለት ይቀላል።

ስህተቱ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1993 በእኛ አቆጣጠር የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጥር 20 ቀን 2001 ነው ልደቷ። ፓስፖርቷ ላይ 2001 አለ፣ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ 1993። ቅጹን የሚሞላው ሰው 1993ን ይዞ የፈረንጅ አቆጣጠር በሚለው ሣጥን ውስጥ ቢጽፈው ልጅቷ በአንድ ጊዜ 8 ዓመት አረጀች። እውነተኛ ዕድሜዋ 52 ሲሆን የጡረታ ደብዳቤ ይደርሳታል። 8 የሥራ ዓመት ማለት በ1.25 ሲባዛ 10 በመቶ ጡረታ ነው፤ የ8 ዓመት ደመወዙ ሳይቆጠር። ስለዚህ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» መጻፉን በዓይንሽ አረጋግጪ። ስምሽም ፋይዳ መታወቂያሽ ላይ ካለው ጋር በፊደል ይግጠም። «ሐ» እና «ሀ» ወይም «ዐ» እና «አ» በየወረቀቱ ሲለዋወጡ ብዙ ሰው አያስጨንቀውም፤ መረጃ ሲያያዝ ግን «ይህቺ ሌላ ሰው ናት» ይባላል።

ስታገቢ ወይም ልጅ ስትወልጂም ማስረጃውን አምጥተሽ ፋይልሽ ላይ አስጨምሪ። ሞት ባያምርም፣ የሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ልጅ 20 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። በጊዜው ያልተመዘገበ ቤተሰብ ይህን መብት ለማግኘት በሐዘን ላይ ሆኖ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ሥራ ብትቀይሪ አገልግሎትሽ አይጠፋም። ከሆቴል ወደ ባንክ፣ ከግል ወደ መንግሥት ብትሄጂ ይደመርልሻል። አዲሱ አሠሪሽ ጋ ስትቀርቢ ግን ያንኑ የጡረታ መለያ ቁጥር ስጪ፣ አዲስ እንዲወጣልሽ አታድርጊ። ከቀድሞው ቦታ ስትለቂ ደግሞ ክሊራንስ ጨርሰሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ይዘሽ አትውጪ። የጡረታ መዋጮሽ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን፣ በስንት ብር ደመወዝ እንደተከፈለ ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ያኔ ፋይናንስ ክፍል ያሉት ልጆች ያውቁሻል፣ መዝገቡም ቅርብ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ድርጅቱ ተሸጦ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛው ወር ወረቀትሽ ሲመጣ መጀመሪያ የምታዪው ቤዚኩን ይሁን። በ0.07 አባዢው። 560 ከሆነ ያንቺ ድርሻ ልክ ነው። በ0.11 አባዢው። 880 ከሆነና ከደመወዝሽ ላይ ካልተነሳ የአሠሪሽም ልክ ነው። ከደመወዝሽ ላይ 1,440 ብር ተነስቶ ካገኘሽው ግን ሁለቱንም ድርሻ ካንቺ እየወሰዱ ነው። እሱን ወሩ ሳያልቅ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የጠየቅሽበትንም ቅጂ ተቀባዩ ፈርሞበት ያዢ።